የቀረጥ ኪሳራ ምንድን ነው? 200 ሺህ ዶላሩ የት ገባ?

አንዲት ትንሽ አገር ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ ስትጥል ማን ምን ያህል እንደሚያጣና እንደሚያገኝ እናስላ። በኢኮኖሚክስ «ትንሽ አገር» ሲባል ነገሩ ስለ ቆዳ ስፋት ወይም ስለ ሕዝብ ብዛት አይደለም። አገሪቱ በአንድ ዕቃ የዓለም ገበያ ላይ ያላት ድርሻ ኢምንት ነው ማለት ነው። ብዙ ብትገዛም፣ ጭራሽ ባትገዛም የዓለሙ ዋጋ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ቀረጥ ስትጥል የውጭው ሻጭ «እሺ፣ እኔ ልቀንስላችሁ» አይልም፤ ለሌላ ይሸጣል። የቀረጡ ሸክም እንዳለ በአገር ውስጥ ዋጋ ላይ ይወድቃል።

ጫማን እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው። የዓለም ዋጋ በጥንድ 40 ዶላር ነው። በዚህ ዋጋ አገሪቱ በዓመት 100 ሺህ ጥንድ ትገዛለች። 20 ሺህ የሚሆነውን የራሷ ፋብሪካዎች ያመርታሉ፣ ቀሪው 80 ሺህ ከውጭ ይገባል። አሁን መንግሥት በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ 10 ዶላር ቀረጥ ጣለ። ዋጋው 50 ሆነ። ሸማቾች የሚገዙት ወደ 80 ሺህ ወረደ፣ የአገር ውስጥ ምርት ወደ 40 ሺህ ወጣ፣ ከውጭ የሚገባው በግማሽ ቀንሶ 40 ሺህ ሆነ።

መጀመሪያ ሸማቹ። አንድ ሰው ለጫማ እስከ 70 ዶላር ለመክፈል ዝግጁ ሆኖ በ40 ካገኘው፣ ልዩነቱ 30 ዶላር የሸማች ትርፍ ይባላል። «ትርፍ» የሚለው ቃል እዚህ ትንሽ ያሳስታል፤ ኪስ ውስጥ የገባ ገንዘብ ሳይሆን ሳይከፈል የቀረ ገንዘብ ነው። ዋጋው 50 ሲሆን አሁንም የሚገዙት 80 ሺህ ጥንዶች እያንዳንዳቸው 10 ዶላር ጨመሩ፤ ይህ ብቻውን 800 ሺህ ዶላር ነው። 20 ሺህ ጥንድ ደግሞ ሳይገዛ ቀረ። እዚያ ላይ የጠፋው በአማካይ 5 ዶላር ስለሆነ 100 ሺህ ይጨመራል። ሸማቾች በድምሩ 900 ሺህ ዶላር አጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀረጡ የተጣለው ከውጭ በሚገባው ላይ ብቻ ስለሆነ የአገር ውስጡን ጫማ የሚገዛ ሰው የተረፈ ይመስለዋል። አልተረፈም። የውጭው በ50 እየተሸጠ የአገር ውስጡ አምራች በ40 የሚሸጥበት ምን ምክንያት አለው? ቀረጥ አንድ ሳንቲም ሳይከፍል ዋጋውን 10 ዶላር ከፍ ያደርጋል።

የአምራቹ ትርፍ የሚያድገውም በዚህ መንገድ ነው። ድሮም ያመርት በነበረው 20 ሺህ ጥንድ ላይ 200 ሺህ ዶላር በነፃ አገኘ። አዲስ በጨመረው 20 ሺህ ላይ ግን ወጪው ስለሚጨምር 100 ሺህ ብቻ ይተርፈዋል። ድምሩ 300 ሺህ ነው። መንግሥት ደግሞ ከ40 ሺህ ጥንድ 400 ሺህ ዶላር ሰበሰበ። (የበጀት ሠራተኛ የድሮውን 80 ሺህ ጥንድ በ10 አባዝቶ 800 ሺህ ዕቅድ ውስጥ ካስገባ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ጉድ ይፈላል።)

እንደምረው። ሸማች 900 ሺህ አጣ፤ አምራችና መንግሥት አንድ ላይ 700 ሺህ አገኙ። 200 ሺህ ዶላሩ የት ገባ?

ማንም ጋ አልገባም፤ ባከነ። የቀረጥ ኪሳራ የሚባለው ይኸው ነው። ሁለት ጥንድ ጫማ ብቻ ጠጋ ብለን እንይ። ለጫማ ከ45 ዶላር በላይ የማይከፍል ገዢ በ40 ሲገዛ 5 ዶላር ይተርፈው ነበር። በ50 ግን አይገዛም። ያቺን 5 ዶላር አምራቹም አላገኛትም፣ ጉምሩክም አልሰበሰባትም። በሌላ በኩል አንድ ፋብሪካ ተጨማሪ ጥንድ ለማምረት 47 ዶላር ያወጣል እንበል። በ40 አያዋጣውም ነበር፤ አሁን በ50 ሸጦ 3 ዶላር ያተርፋል። አገሪቱ ግን ያንኑ ጫማ ከውጭ በ40 ማግኘት ስትችል የ47 ዶላር ቆዳና ጉልበት አፈሰሰችበት። 7 ዶላር ባከነ። እንዲህ ያሉት ጥንዶች ሲደመሩ ካልተገዛው 100 ሺህ ዶላር፣ በውድ ከተመረተው ሌላ 100 ሺህ ዶላር ይሆናል።

ስሌቱ የሚሠራው አገሪቱ እውነትም «ትንሽ» ከሆነች ነው። ይህን ለማወቅ ዕቃው ድንበር ላይ ሲደርስ፣ ቀረጥ ሳይጨመርበት ያለውን ዋጋ ከቀረጡ በፊትና በኋላ ማነጻጸር ነው። 40 ላይ ከቆመ ሸክሙ ሙሉ በሙሉ የሸማቹ ነው። ወደ 37 ከወረደ ግን የውጭው ሻጭ 3 ዶላሩን ተጋርቷል፤ ሂሳቡ ሌላ ነው።

ቀረጡ ወደ 20 ዶላር ቢያድግስ? በዚሁ አካሄድ ዋጋው 60 ይሆናል፣ ሸማቾች 60 ሺህ ጥንድ ይፈልጋሉ፣ ፋብሪካዎቹም ልክ 60 ሺህ ያመርታሉ። ከውጭ የሚገባ የለም፤ የመንግሥት ገቢ ዜሮ ነው። ሸማቹ 1.6 ሚሊዮን አጥቶ አምራቹ 800 ሺህ ያገኛል። ቀረጡ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ ከ200 ሺህ ወደ 800 ሺህ፣ ማለትም አራት እጥፍ ይሆናል።