ተጠሪነት ሲቀየር የማይፈርስ የመዋቅር ቻርት ምንድን ነው?

የድርጅታችሁን የመዋቅር ቻርት በፓወርፖይንት ክፈቱና አንዱን ሳጥን ትንሽ ጎተት አድርጉት። መስመሩ አብሮት ከተንቀሳቀሰ ቻርቱ ይታረማል። መስመሩ እዚያው ቀርቶ ሳጥኑ ብቻውን ከሄደ ግን የያዛችሁት ቻርት የሚመስል ስዕል ነው፤ አንድ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ትስሉታላችሁ። Ctrl+Z ብላችሁ መልሱት፣ ፈተናው ይኸው ነው።

የሚታረም ቻርት ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው። ሳጥኑ የሥራ መደቡ ነው፣ መስመሩ ደግሞ ተጠሪነቱ። መስመሩ ኮኔክተር ከሆነ ሁለቱ ጫፎቹ በሁለት ሳጥኖች ላይ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፣ ሳጥኑ የትም ቢሄድ ይከተሉታል። ስለዚህ አንድ ክፍል አለቃ ሲቀይር የሚነካው አንድ መስመር፣ ያውም አንድ ጫፉ ብቻ ነው።

በምሳሌ እንየው። ገላን አካባቢ ያለ አንድ የብሎኬት ማምረቻ እናስብ። ከላይ ሥራ አስኪያጅ አለ። ከሥሩ ምርት፣ ፋይናንስና አስተዳደር፣ ሽያጭ እና ጥራት ቁጥጥር። ከምርት ሥር የቀን ሺፍት መሪ፣ የማታ ሺፍት መሪ እና ስቶር ኃላፊ፤ ከፋይናንስ ሥር ሒሳብ ሹምና ገንዘብ ያዥ፤ ከሽያጭ ሥር ስምሪት። በጠቅላላ 11 ሳጥን።

መጀመሪያ አንድ ሳጥን ብቻ ሳሉ። ሰፊው ስላይድ ወደ 33.9 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳጥን ታችኛውን ረድፍ ስድስቱንም ይይዛል፣ በመካከላቸው 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖርም እንኳ። ያንን አንዱን አስተካክላችሁ በCtrl+D አባዙት፤ ሁሉም እኩል ይሆናል። ከዚያ የየረድፉን ሳጥኖች በአንድ ላይ መርጣችሁ Align ውስጥ Align Top፣ ቀጥሎ Distribute Horizontally በሉ። መስመር ከመሳላችሁ በፊት ነው ይሄ፣ ለምን እንደሆነ ቆይተን እናየዋለን።

አሁን መስመሩ። Insert፣ Shapes፣ ከዚያ Lines ከሚለው ውስጥ Connector: Elbow የሚባለውን በቀኝ ተጭናችሁ Lock Drawing Mode በሉት፤ ለአሥር መስመር አሥር ጊዜ ሜኑ መክፈት አያስፈልግም። ማውሱን ወደ አለቃው ሳጥን ስታስጠጉ በአራቱ ጎን ትናንሽ ነጥቦች ይወጣሉ። ከታችኛው ነጥብ ጀምራችሁ የበታቹ ላይኛው ነጥብ ላይ ልቀቁ። ሁሌም ከላይ ወደ ታች፣ አንድም ሳትቀላቅሉ። ስትጨርሱ Esc። ማንኛውንም መስመር ስትጫኑት ጫፉ አረንጓዴ ከሆነ ተጣብቋል፣ ነጭ ከሆነ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ነው እንጂ አልያዘም። በዓይን ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ብዙ ቻርት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። Curve እና Freeform የሚባሉት መስመሮች ደግሞ ጭራሽ አይጣበቁም፣ ለዚህ ሥራ አትንኳቸው።

አሁን ወደ ለውጡ። የማምረቻው ባለቤቶች ስቶር ኃላፊው ከምርት ወጥቶ ለፋይናንስ ተጠሪ ይሁን አሉ እንበል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሲሚንቶውን ወስዶ የሚጠቀመው ምርት ነው፣ የቀረውን የሚቆጥረው ሰውም ለዚያው ለምርት ኃላፊ የሚታዘዝ ከሆነ ቆጠራውን ማን ያምናል? በቻርቱ ላይ ግን ሥራው የደቂቃ ነው። ከምርት ወደ ስቶር የሚወርደውን መስመር ተጫኑ፣ ላይኛውን ጫፍ ያዙና ወደ ፋይናንስ ሳጥን ታችኛው ነጥብ ጎትታችሁ ልቀቁ። አለቀ፣ ተጠሪነቱ ተቀየረ። መስመሩን አጥፍቶ አዲስ መሳል አያስፈልግም፣ የስቶርን ሳጥን ማጥፋትማ በፍጹም፤ ሳጥን ሲጠፋ የተጣበቁት መስመሮች ጫፋቸው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሰው ሲቀየርም እንደዚሁ ነው፣ ሳጥኑ የመደቡ ስለሆነ ውስጡ ያለውን ስም ብቻ ደርባችሁ ጻፉ።

የቀረው ማሳመር ነው። ስቶር ከምርት ልጆች፣ ማለትም ከሥሩ ከተሰለፉት ሳጥኖች መጨረሻ፣ ከፋይናንስ ጎን ተቀምጦ ከነበረ ከቦታው መነሳት እንኳ የለበትም። የፋይናንስ ሳጥን አሁን ሦስት ልጆች ስላሉት Shift ይዛችሁ ወደ ጎን ጎትቱትና ከመካከለኛው ልጅ ትክክል ሲሆን የምትመጣውን ቀጭን የሰረዝ መስመር ጠብቃችሁ ልቀቁ። Shift የሚያዘው ከፍታው እንዳይነቃነቅ ነው። እዚህ ላይ Align Center አትጠቀሙ፣ አለቃውን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ያንቀሳቅስባችኋል። ምርትንም በቀሩት ሁለት ሺፍት መሪዎች መሃል አምጡት።

ረድፉን በAlign Top አስቀድሙ ያልኩት ለዚህ ነው። ኮኔክተሩ የሚታጠፈው በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ካለው ክፍተት እኩሌታ ላይ ነው። ሦስቱም ልጆች በአንድ ከፍታ ላይ ከሆኑ ሦስቱም መስመሮች በአንድ ቦታ ታጥፈው ይደራረባሉ፣ ለዓይን አንድ ግንድና ሦስት ቅርንጫፍ ይመስላሉ። አንዱ ልጅ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ግን የእሱ መስመር 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይታጠፋል፣ ድርብ መስመር ይታያችኋል። ያኔ ብዙ ሰው መስመሩ ላይ ያለችውን ቢጫ ነጥብ እየጎተተ በእጁ ሊያስተካክል ይሞክራል። ጥፋቱ ግን ያለው ሳጥኑ ላይ ስለሆነ ሳጥኑን አስተካክሉ፣ መስመሩ ራሱ ይመጣል።

በአማርኛ ስንጽፍ ይሄ ችግር ይበረታል። «የግዥና ንብረት አስተዳደር ኃላፊ» የሚለው መደብ ሁለትና ሦስት መስመር ይወስዳል፣ ሳጥኑ ደግሞ በText Box የተሠራ ከሆነ ጽሑፉን ተከትሎ ራሱ ይረዝማል፣ ረድፉም ይዛባል። Format Shape ውስጥ Do not Autofit መርጣችሁ ፊደሉን አሳንሱት።

Reroute Connectors የሚለውም ትዕዛዝ ይፈትናል። እሱ የሚመርጠው አጭሩን መንገድ ነው፣ ከላይና ከታች የገባውን መስመር በጎን ሊያስገባው ይችላል። ለሂደት ስዕል ጥሩ ነው፣ ለመዋቅር አልወደውም።

ጥራት ቁጥጥር ለሥራ አስኪያጁ ተጠሪ ሆኖ በዕለት ሥራው ከምርት ጋር እንዲነጋገር ከተፈለገ ሌላ ኮኔክተር ከጎን ወደ ጎን አገናኙና በDashes የተቆራረጠ አድርጉት። በቀለም አትለዩት፣ ቻርቱ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በር ላይ ሲለጠፍ ቀለሙ ይጠፋል። ስማርትአርት ውስጥ ይህን ማድረግ አይቻልም፣ እዚያ አንድ ሳጥን ከላይ አንድ አለቃ ብቻ ነው ያለው። Convert to Shapes ብላችሁ ብትፈቱትም የሚወጡት መስመሮች ያልተጣበቁ ተራ ቅርጾች ናቸው፣ መስመሩን ሁሉ እንደገና ማገናኘት ግድ ነው። በወርድ የምትሠሩ ደግሞ አስቀድማችሁ New Drawing Canvas ክፈቱ፣ ከእሱ ውጪ ኮኔክተሩ አይጣበቅም።

ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት Alt+F10 ተጫኑና የሚመጣውን ዝርዝር ቁጠሩ። ከሥራ አስኪያጁ በቀር ሁሉም መደብ አንድ አለቃ ስላለው ያልተቆራረጠው መስመር ከሳጥኑ በአንድ ማነስ አለበት። በእኛ ማምረቻ 11 ሳጥን፣ 10 መስመር፣ አንድ የተቆራረጠ። ያልተቆራረጠው መስመር 11 ከሆነ የሆነ ቦታ፣ ምናልባትም ሌላ መስመር ሥር ተደርቦ፣ የድሮ ተጠሪነት ሳይነሳ ቀርቷል።