«ኢንጆይ»፣ «ሰጀስት» እና «ዋንት» በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ኢንጆይ፣ ሰጀስት እና ዋንት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ ሁሉ በኢንግ ወይም ሁሉንም በቱ ማስኬድ አይሻልም? መቀላቀል ስሕተት ነው ተብለን ነው የተማርነው።»

ስሕተቱ አለመቀላቀሉ ነው። በእንግሊዝኛ ከኢንጆይ እና ከሰጀስት በኋላ የሚመጣው ግስ ኢንግ ይዞ ይመጣል፤ ከዋንት በኋላ የሚመጣው ደግሞ ቱን ያስቀድማል። ሦስቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለተገናኙ ብቻ ይህ አይለወጥም።

እንግሊዝኛ ባስተማርሁባቸው ዓመታት እንደዚህ እምነት ያሰለቸኝ የለም፤ ይበልጥ የሚያበሳጨው ደግሞ ትክክለኛውን መልስ አስፍቆ የተሳሳተውን የሚያስጽፍ መሆኑ ነው። አንድ ተማሪዬ በእርሳስ የጻፈውን ወረቀት አስታውሳለሁ። ዓረፍተ ነገሩ «አይ ኢንጆይ ሪዲንግ፣ ሶ ማይ ፍሬንድ ሰጀስትድ ጆይኒንግ ኤ ክለብ፣ በት አይ ዋንት ፊኒሺንግ ማይ ኤግዛምስ ፈርስት» የሚል ነበር፤ ማንበብ ያስደስተኛል፣ ጓደኛዬም ክበብ መግባትን ሐሳብ አቀረበ፣ እኔ ግን መጀመሪያ ፈተናዬን መጨረስ እፈልጋለሁ ማለቱ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘንበል ሳደርገው ከ«ፊኒሺንግ» ሥር «ቱ ፊኒሽ» የሚለው የተፋቀ ጽሑፍ ደብዝዞ ይታያል። ልጁ መጀመሪያ በትክክል ጽፎ ነበር። ለምን እንደፋቀው ስጠይቀው «ከላይ ሁለት ኢንግ ስላለ እንዲመሳሰል ብዬ ነው» አለኝ።

መመሳሰል የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አንድ ግስ ሁለት ነገሮችን በ«ኤንድ» አያይዞ ሲገዛ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቅርጽ ሊኖራቸው ይገባል፤ ስለዚህ «አይ ኢንጆይ ሪዲንግ ኤንድ ራይቲንግ» እንላለን እንጂ ሁለተኛውን «ቱ ራይት» አንለውም። «አይ ዋንት ቱ ሪድ ኤንድ ራይት» ስንልም አንዱ ቱ ለሁለቱም ይበቃል። በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ገዢው ግስ፣ ማለትም የተከታዩን ቅርጽ የሚወስነው፣ አንድ ነው። በልጁ ወረቀት ላይ ግን ገዢዎቹ ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዱም የሚገዛው ለብቻው አንድ ግስ አለው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከዚህ ግስ በስተግራ ያለው ገዢ ማን ነው የሚለው ነው። የ«ሪዲንግ» ገዢ ኢንጆይ ነው፣ የ«ጆይኒንግ» ሰጀስት፣ የ«ቱ ፊኒሽ» ደግሞ ዋንት።

ይህ ይበልጥ ጥርት ብሎ የሚታየው ግሶቹ በሰንሰለት ሲያያዙ ነው። ቀደም ብለን መገናኘትን ሐሳብ ማቅረብ እፈልጋለሁ ለማለት «አይ ዋንት ቱ ሰጀስት ሚቲንግ ኧርሊየር» እንላለን። ዋንት የሚገዛው ሰጀስትን ብቻ ስለሆነ ቱ የሚሰጠው ለእርሱ ነው፤ ሰጀስት በተራው የራሱን ተከታይ ገዝቶ ኢንግ ያስይዘዋል። ዋንት ሰጀስትን ዘልሎ እስከ «ሚቲንግ» አይደርስም። በዚሁ መንገድ «አይ ዋንት ቱ ኢንጆይ ለርኒንግ» ትክክል ነው፤ «ዋንት ቱ ኢንጆይ ቱ ለርን» ግን አይደለም። ጥርጣሬ ያለበት ሰው ዓረፍተ ነገሩን በአንዴ ከመመርመር ይልቅ ከግራ ወደ ቀኝ ሁለት ሁለት ግስ እያጣመረ ይለፍ።

«በአማርኛ አንድ ስለሆነ በእንግሊዝኛም ልዩነት የለውም» የሚለው አመለካከት የችግሩ ሥር ነው። «ማንበብ ያስደስተኛል» ስንልም «ማንበብ እፈልጋለሁ» ስንልም የምንጠቀመው ያንኑ «ማንበብ» ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ይህን አንድ ቅርጽ ለሁለት ከፍሎ የትኛው እንደሚመጣ የሚወስነውን መብት ለገዢው ግስ ሰጥቷል። አንዳንድ አስተማሪዎች «በግሱ ቦታ ስም ተክታችሁ ሞክሩ፤ ስም ከተቀበለ ኢንግ ነው» ይላሉ። ይህ መፈተኛ ዋጋ የለውም፤ ሦስቱም ግሶች ስም ይቀበላሉና። «ኢንጆይ ኢት»፣ «ሰጀስት ኢት»፣ «ዋንት ኢት» ሁሉም ይባላሉ፣ መልሱ ግን አንድ አይደለም።

ከኢንጆይና ከሰጀስት በኋላ የሚመጣው ኢንግ የያዘ ቅርጽ ጄረንድ ይባላል፤ «ጄረንድ ማለት ቦዝ አንቀጽ ነው» የሚለው ደግሞ የስያሜ መጋጨት ነው። ስለ አማርኛ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የሰዋስው መጻሕፍት «አንብቦ»፣ «በልቶ» የሚለውን ቅርጽ ጄረንድ ይሉታል፤ የእንግሊዝኛው ጄረንድ ግን ለአማርኛው «ማንበብ» የቀረበ እንጂ ከ«አንብቦ» ጋር የሚገናኝ አይደለም። «እያነበብሁ» ከሚለው ጋር ማምታታትም እንዲሁ ነው።

«ኢንግ ለሆነ ነገር፣ ቱ ገና ለሚሆን ነገር» የሚለውን ሕግ ብዙ ሰው እንደ ቁልፍ ይዞት ይዞራል። ለአንዳንድ ግሶች ይረዳል፤ «ሪሜምበር» ለምሳሌ ያደረግነውን ነገር ማስታወስ ሲሆን ኢንግ፣ ልናደርገው የሚገባንን አለመርሳት ሲሆን ቱ ይወስዳል። ሰጀስት ላይ ሲደርስ ግን ሕጉ ይወድቃል። መሄድን ሐሳብ ያቀረበ ሰው ገና አልሄደም፤ ቢሆንም «ሰጀስት ጎይንግ» ነው የሚባለው።

ከሁሉም ይልቅ የምሰማው ግን «ሂ ሰጀስትድ ሚ ቱ ጎ» የሚለውን ነው። አማርኛው «እንድሄድ ሐሳብ አቀረበልኝ» ስለሆነ፣ ደግሞም «ሂ ዋንትድ ሚ ቱ ጎ» ትክክል ስለሆነ፣ ሰዎች ሁለቱን በአንድ መልክ ያስኬዷቸዋል። ዋንት ሰውን በመሐል አስገብቶ ቱ ያስከትላል፤ ሰጀስት ይህን አይቀበልም። የሚሄደው ማን እንደሆነ መናገር ካስፈለገ «ሂ ሰጀስትድ ዛት አይ ጎ» ወይም «ዛት አይ ሹድ ጎ» ይባላል። «ሂ ሰጀስትድ ጎይንግ» ብቻ ከተባለ የሚሄደው ማን እንደሆነ ቅርጹ አይናገርም፤ ሐሳብ አቅራቢው ራሱ ሊኖርበትም ላይኖርበትም ይችላል፣ ይህን የሚለየው ዐውዱ ነው። በተቃራኒው «እንዲሄድ እፈልጋለሁ» ለማለት «አይ ዋንት ዛት ሂ ጎዝ» ማለት ስሕተት ነው፤ «አይ ዋንት ሂም ቱ ጎ» ነው።

«ላይክ ሁለቱንም ከወሰደ ኢንጆይም ይወስዳል» የሚሉም አሉ፤ አይወስድም።

«ድርጊቱ ያለፈ ከሆነ ተከታዩም ግስ ይለወጣል» የሚለውም ትክክል አይደለም፤ የሚለወጠው ገዢው ነው፣ «ዋንትድ ቱ ሪድ» ይባላል።

በመጨረሻ «ዋንት በኢንግ ሲከተል አይቻለሁ» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ዘ ሩም ዋንትስ ክሊኒንግ» ይባላል። ነገር ግን በዚህ አገባብ ዋንት ትርጉሙ ያስፈልገዋል ማለት ነው፣ ባለቤቱም ክፍሉ እንጂ የሚያጸዳው ሰው አይደለም። ክፍሉን ማጽዳት የፈለግሁት እኔ ከሆንሁ «አይ ዋንት ቱ ክሊን ዘ ሩም» ነው የምለው።