የቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜ፦ ከኩላሊት ትእዛዝ እስከ ቢጫ ዓይን

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚያ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ በመሆኑ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ለደም ምርት ሲባል ይህን ጉድለት የሚከታተለው ኩላሊት ነው። ኩላሊት የደም ሕዋሳትን አይቆጥርም፤ የሚለካው የሚደርሰውን ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ሲያንሰው በውስጡ ያሉ ልዩ ሕዋሳት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ኩላሊቱ ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው ደም የሚያንሰውም በአብዛኛው ይህ ሆርሞን ስለሚጎድለው ነው።

ትእዛዙ የሚፈጸመው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ኤሪትሮፖይቲን በዚያ ያሉ ወጣት ሕዋሳትን ከሞት አድኖ እንዲባዙ ያደርጋል። እየተከፋፈሉ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢንን፣ ይሞላሉ፤ በመጨረሻም አስኳላቸውን ወደ ውጭ ይጥላሉ። ይህ ሁሉ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። ወደ ደም ሥር የሚወጣው ጀማሪ ሕዋስ ሬቲኩሎሳይት ይባላል፤ ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ሙሉ ቀይ ሕዋስ ይሆናል። የሬቲኩሎሳይት ቁጥር መቅኔው እየሠራ መሆን አለመሆኑን ስለሚያሳይ ደም ላነሰው ሰው እጅግ ጠቃሚ ምርመራ ነው።

አስኳል የሌለው ሕዋስ የተጎዳውን አካሉን መተካት አይችልም። ስለዚህ ወደ 120 ቀን ገደማ ከዞረ በኋላ ሽፋኑ ይደርቃል፣ መተጣጠፍም ያቅተዋል። ፈተናው ጣፊያ ውስጥ ይጠብቀዋል። የሕዋሱ ስፋት 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር ሲሆን በጣፊያ ውስጥ የሚሾልክበት ስንጥቅ ግን ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ወጣቱ ተጣጥፎ ያልፋል፤ ያረጀው ይያዛል፣ በአጠገቡ ያሉት ማክሮፌጅ የተባሉ ሕዋሳትም ይውጡታል።

ማክሮፌጁ ሄሞግሎቢኑን ይበታትነዋል። ፕሮቲኑ ወደ አሚኖ አሲድ ይመለሳል፤ ብረቱ ትራንስፈሪን በተባለ የደም ፕሮቲን ተጭኖ ወደ መቅኔ ይሄዳል። በዚህ መንገድ በቀን ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ብረት ይመለሳል፤ ከምግብ የሚገባው ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሄም የተባለው ቀይ ክፍል በመጀመሪያ አረንጓዴ ቢሊቨርዲን፣ ቀጥሎ ቢጫ ቢሊሩቢን ይሆናል። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ተመቶ የበለዘ ቆዳ ከጥቂት ቀናት በኋላ አረንጓዴ፣ ከዚያም ቢጫ የሚሆነው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

አዲሱ ቢሊሩቢን በውኃ አይሟሟም። ስለዚህ አልቡሚን በተባለ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ወደ ጉበት ይጓዛል፤ እንደዚያ ተጣብቆ ሳለም በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት አያልፍም። ጉበት ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር አጣምሮ እንዲሟሟ ያደርገውና በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይጥለዋል። ለዓይነ ምድር ቡናማ ቀለም የሚሰጠውም ባክቴሪያዎች ከእርሱ የሚሠሩት ስተርኮቢሊን ነው።

በወሎ ይህ እውቀት ተፈላጊ የሚሆነው ወባ ሲመጣ ነው። ከደላንታ ደጋ ወርዶ በባቲ አካባቢ ቆላ ላይ ሲሠራ የከረመ ወጣት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለው፣ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኖ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። ብዙ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ጉበቱን ይጠረጥራል። ሲመረመር ግን ጣፊያው ከግራ ጎድኑ በታች ይዳሰሳል፤ ሄሞግሎቢኑ በዴሲሊትር 9 ግራም፣ ቢሊሩቢኑ 3.5 ሚሊግራም ሲሆን ከዚህ 3 ያህሉ በጉበት ያልተጣመረ ነው። በሽንቱ ቢሊሩቢን የለም፤ ዓይነ ምድሩም ቡናማ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲታይ ችግሩ ከጉበት በፊት መሆኑን ያመለክታል፦ ጣፊያው ጥገኛ ተሕዋሲያን ያለባቸውን ሕዋሳት ብቻ ሳይሆን ብዙ ጤነኛ ሕዋሳትንም እያፈረሰ ነው። የጉበት ብግነት ወይም የሐሞት ቱቦ መዘጋት ቢሆን ኖሮ የተጣመረው ቢሊሩቢን ወደ ሽንት ገብቶ ያጠቁረው ነበር፤ ቱቦው ሲዘጋ ደግሞ ዓይነ ምድሩ ይነጣል።

እርግጥ ወባ ሲበረታ ጉበትንም ስለሚጎዳ ሁለቱ ሊደባለቁ ይችላሉ። ጉበቱ ጤነኛ ከሆነ በደም መፍረስ ብቻ ቢሊሩቢን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም፤ ከዚያ በጣም ከበለጠ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። የወጣቱ ሬቲኩሎሳይት በመጀመሪያው ቀን ዝቅተኛ ቢሆንም አያስገርምም፤ ወባ መቅኔውን ስለሚያዳክም ኩላሊት የሚልከው ትእዛዝ ሰሚ ያጣል። ከሕክምና በኋላ ባሉት ቀናት ቁጥሩ ከፍ ሲል መቅኔው መልስ መስጠት መጀመሩ ይታወቃል። ሽንቱ እንደ ቡና ከጠቆረ ግን ሕዋሳቱ በደም ሥር ውስጥ እየፈረሱ፣ ሄሞግሎቢኑም በቀጥታ በኩላሊት እያለፈ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።