ጮክ ተብሎ የሚነበብ የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ ትርጉም በወሎ

ጮክ ተብሎ የሚነበብ ሥዕላዊ መጽሐፍ መተርጎም ማለት ገና ፊደል ላልቆጠረ ልጅ ጆሮ የተሰናዳን አጭር ጽሑፍ ከነምቱና ከነድግግሞሹ ወደ ሌላ ቋንቋ ማዛወር ነው። በደሴም ሆነ በወልድያ ይህን ሥራ የሚሞክር ሰው መነሻ ጽሑፉን እንደ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና «ስቶሪዊቨር» ካሉ ክፍት የመጻሕፍት ስብስቦች ሊያገኝ ይችላል፤ በነዚህም የደራሲውና የሠዓሊው ስም እስከተጠቀሰ ድረስ መተርጎም ይፈቀዳል። ሥዕሉ ግን እንዳለ ስለሚቀመጥ፣ ተርጓሚው የሚመርጠው ቃል ሥዕሉ ከሚያሳየው ነገር ጋር መግጠም አለበት።

ሥራው የሚከብደው አዝማቹ ላይ ነው። አንዲት ጫጩት በሌሊት ነቅታ ከእንስሳ ወደ እንስሳ እየዞረች መንጋቱን የምትጠይቅበትን፣ በየገጹም «ገና ነው» የሚል መልስ የምታገኝበትን የእንግሊዝኛ ታሪክ በምሳሌነት እንውሰድ። «ገና ነው» በትርጉሙ ትክክል ነው፤ አጭርም ነው። ነገር ግን የአማርኛ አጻጻፍ የድምፅን መጥበቅና መላላት ስለማያሳይ፣ ይኸው አዝማች ላልቶ ሲነበብ «ጊዜው አልደረሰም»፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «የልደት በዓል ነው» ማለት ይሆናል። ለራሱ በልቡ የሚያነብ ሰው ከዐውዱ ተረድቶ ያልፈዋል፤ ልጆች ከብበውት ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ምቱ ይሰበራል።

የተሻለው መፍትሔ የሚገኘው ከልጆቹ ጨዋታ ነው። በድብብቆሽ ፈላጊው «ኩኩሉ!» ሲል ተደባቂዎቹ «አልነጋም!» እያሉ ይመልሳሉ፤ ተደብቀው ሲያበቁም «ነጋ!» ይላሉ። ስለዚህ ጫጩቷ ላሟ ዘንድ ሄዳ «ኩኩሉ!» ስትል ላሟ «አልነጋም!» ትላታለች፤ ፍየሏም፣ ድመቷም እንዲሁ። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ኩኩሉ!» የሚለው ራሱ አውራ ዶሮው ይሆናል፤ ልጆቹም በአንድ ድምፅ «ነጋ!» ይላሉ። እስከዚያ ድረስ በየገጹ ሲደጋገም የቆየው ቃል «አል» እና «ም» ወልቀውለት ሥሩ ብቻ ስለሚቀር፣ ልጁ ያለ አንዳች ማብራሪያ ለውጡን በጆሮው ይይዘዋል። በመንዙማ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል እየሰማ ላደገ የወሎ ልጅ እንዲህ ያለ መቀባበል እንግዳ አይሆንበትም።

ሁለተኛው ችግር የገጽ መገለጥ ነው። በእንግሊዝኛው አረፍተ ነገር ጫጩቷ መገናኘቷ በአንዱ ገጽ ይነገርና ማንን እንዳገኘች የሚታወቀው ገጹ ሲገለጥ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ «ጫጩቷ ላሟን አገኘች» የሚለው ለሁለት ሲከፈል በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ጫጩቷ» ብቻ ይቀራል፤ አጓጊው ነገርም ይጠፋል። ይህንን ለማስተካከል «ጫጩቷ ያገኘችው ማንን ነው?» ብሎ ማቆምና በሚቀጥለው ገጽ «ላሟን!» ብሎ መመለስ ይበቃል። አረፍተ ነገሩ በጥያቄ ስለሚያበቃ አንባቢው ገጹን ከመግለጡ በፊት ልጆቹ እንዲገምቱ ጊዜ ይሰጣል።

ቤት መምታትን በተመለከተ አማርኛ ከመጠን በላይ ያመቻል። «ሄደች፣ ጠየቀች፣ ተመለሰች» የሚለው ያለ ድካም ቤት ይመታል፤ ነገር ግን የሚመሳሰለው የግሥ መድረሻ ብቻ ስለሆነ ሦስት ገጽ ሳይሄድ ይሰለቻል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ የሚደጋገመውን ድምፅ በቃላት መነሻ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። እዚህም ላይ ቢሆን የአካባቢው አነጋገር ሊታሰብ ይገባል፤ በገጠሩ አነጋገር «ፀሐይ» ብዙ ጊዜ «ጠሐይ» ስለምትባል፣ «ጠዋት ፀሐይ» የሚለው ሐረግ እንዲህ በሚናገር አንባቢ አፍ ላይ በአንድ ድምፅ ይጀምራል፤ «ፀ»ን ለይቶ በሚያነብ ሰው አፍ ላይ ግን መነሻ ድምፁ ይለያያል። የመጽሐፉ ውበት በሙሉ በእንዲህ ያለ ጥንድ ላይ ባይንጠለጠል መልካም ነው።

ትርጉሙ መሳካቱ የሚታወቀው በንባብ ነው። ጽሑፉን አይቶት ለማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ለአንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ይሰጥና ጮክ ብላ ስታነብ ተርጓሚው ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ወደኋላ ተመልሳ የደገመችው ቃል ሁሉ ይመረመራል። ልጆቹ አዝማቹ ሦስትና አራት ጊዜ ከተደገመ በኋላም ሳይታዘዙ አብረው ካልመለሱ፣ አዝማቹ ረዝሟል ወይም ከየገጹ ዓረፍተ ነገር ጋር ተደባልቋል ማለት ነው።

በከሚሴና በአካባቢው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች ስላሉ፣ ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ላይ ማኖር የሚፈልግ አዘጋጅ ይኖራል። ኦሮምኛ የሚጻፍበት ቁቤ የጠበቀውን ድምፅ ፊደል ደርቦ ስለሚያሳይ፣ «ገና» በአማርኛ የሚያመጣው ችግር እዚያ አይነሳም። የኦሮምኛው ተርጓሚ ግን ከእንግሊዝኛው መነሳት ይኖርበታል፤ ከአማርኛው ቢነሳ «ኩኩሉ» እና «አልነጋም» የተገነቡበት ጨዋታ አብሮት ላይሻገር ስለሚችል፣ ልጆቹ በራሳቸው ቋንቋ የሚቀባበሉትን ጥሪ ፈልጎ አዝማቹን እንደ አዲስ መሥራት ይጠበቅበታል።