ፋቲ አሲድ መስራትና ማቃጠል ለምን አብረው አይሄዱም?

ብዙዎቻችሁን የሚያምታታችሁ ፋቲ አሲድ የሚሰራበት ማሎኒል ኮኤ ነው፣ እሱ ከገባችሁ ሌላው ይቀላል። ጉበትን እንይ፦ ስትበሉ ኢንሱሊን ይወጣና አሴቲል ኮኤ ካርቦክሲሌዝ ላይ ያለው ፎስፌት ይነሳል፣ ሲትሬትም ያነቃቃዋል፣ ኢንዛይሙ አሴቲል ኮኤን ማሎኒል ኮኤ ያደርገዋል። ፓልሚቴት የሚባለውን ፋቲ አሲድ ለመስራት 1 አሴቲልና 7 ማሎኒል ይገባሉ፣ ከእያንዳንዱ ማሎኒል አንድ ካርቦን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ የሚቀረው 16 ካርቦን ነው።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ጋ ነው፣ ያው ማሎኒል ፋቲ አሲድን ወደ ሚቶኮንድሪያ የሚያስገባውን ኢንዛይም ሲፒቲ 1ን ይዘጋዋል፣ ስለዚህ አሁን የተሰራው ፋቲ አሲድ ሚቶኮንድሪያ ገብቶ አይቃጠልም። እስከ 9 ሰዓት ስትጾሙስ? ግሉካጎን ይጨምራል፣ ኢንዛይሙ ፎስፌት ተለጥፎበት ይደክማል፣ ማሎኒል ይቀንሳል፣ ማቃጠሉ ይቀጥላል።

ይሄ መዝጋት ጡንቻም ላይ አለ፣ የሚለየው ጡንቻ ፋቲ አሲድ ብዙም ስለማይሰራ ማሎኒሉ በዋናነት ለመቆጣጠሪያ ነው።