በ«አዎ» እና በ«አይ» ስለሚፈታው እንቆቅልሽ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ዘመድ ወይም ጓደኛ ሲሰበሰብ እንቆቅልሽ የማጫውተው እኔ ነኝ። ጨዋታው እንዲህ ነው። አጫዋቹ አጭርና ግራ የሚያጋባ ታሪክ ይናገራል። ተጫዋቾቹ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ እየጠየቁ ከታሪኩ ጀርባ የተደበቀውን ያወጣሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የላተራል ቲንኪንግ እንቆቅልሽ ይሉታል። ስሙን የወሰዱት ኤድዋርድ ዴ ቦኖ የተባለ የማልታ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ላተራል ቲንኪንግ ብሎ ከሰየመው የአስተሳሰብ ዘዴ ነው። ጃፓንና ቻይና ውስጥ ደግሞ በአንድ ታዋቂ እንቆቅልሽ ምክንያት የኤሊ ሾርባ ይባላል።

ጨዋታውን እወደዋለሁ። ስለ ጨዋታው የሚባሉት ነገሮች ግን አሰልችተውኛል። በአንድ እንቆቅልሽ እየታገዝኩ ልመልሳቸው።

ሰውየው ቡና ቤት ገባና ውሃ ጠየቀ። ከባንኮኒው ጀርባ የነበረው አስተናጋጅ ሽጉጥ አውጥቶ ደገነበት። ሰውየው «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ። ነገሩ ምንድን ነው?

«ይሄማ ወይ ታውቀዋለህ፣ ወይ አታውቀውም።»

ለልጅነታችን «እንቆቅልሽ፣ ምን አውቅልህ» ልክ ነው። እዚያ መልሱ ከጠፋህ ሀገር ሰጥተህ ትገላገላለህ። እዚህ ግን መልሱን ይዞ የመጣ ሰው ጨዋታውን ያበላሻል። ቀድሞ የሰማው ሰው ካለ ዝም ይበል፤ ወይም አጫዋቹን ያግዝ። ጨዋታው ያለው መጠየቁ ላይ ነው።

«አይ ከተባልኩ ጥያቄዬ ባከነ ማለት ነው።»

ይህን ሳልሰማ ያለፈ የጨዋታ ምሽት ትዝ አይለኝም። ጨዋታውን ከምንም በላይ የሚገድለውም ይኸው ነው። ሰዎች «አዎ» ለማግኘት ሲሉ መልሱን በቀጥታ መገመት ይጀምራሉ። «ሌባ ነበር?» አይ። «ፖሊስ ነበር?» አይ። «ዕዳ ነበረበት?» አይ። «የአስተናጋጁን ሚስት ወስዶበት ነው?» አይ። ትንሽ ቆይተው ይሰለቻቸዋል። ከዚያ «አንተ ራስህ አታውቀውም» ብለው ይቆጡኛል።

ጥፋቱ የ«አይ» አይደለም። የጥያቄው ጥበት ነው። 16 ታሪኮች ከፊታችሁ አሉ እንበል፤ አንዱ ብቻ እውነት ነው። አንድ በአንድ እየገመታችሁ ከሄዳችሁ እስከ 15 ጥያቄ ልትጨርሱ ትችላላችሁ። ጥያቄያችሁ ታሪኮቹን ለሁለት እኩል የሚከፍል ከሆነ ግን በ4 ጥያቄ ታገኙታላችሁ። «አዎ» ቢባል 8 ይወድቃሉ፣ «አይ» ቢባልም 8 ይወድቃሉ። መልሱ የትኛውም ይሁን የምታገኙት እኩል ነው። በዚህ መንገድ 20 ጥያቄ ከ1,048,576 ታሪኮች መሃል አንዱን ለይቶ ያወጣል። «ሌባ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው «አይ» ሲባል የወደቀለት አንድ ታሪክ ብቻ ነው። ስለዚህ «አይ» ባዶ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ስሌት የሚወዱ ጓደኞቼ ደስ ብሏቸው ያቆማሉ። ነገሩ ግን ገና አላለቀም። በዚህ ጨዋታ ላይ የ16 ታሪኮች ዝርዝር ማንም አይሰጣችሁም። ራሳችሁ የምታስቧቸው ታሪኮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁሉም በአንድ ስህተት ላይ የቆሙ ናቸው። ከላይ ያሉትን አራት ጥያቄዎች እዩዋቸው። ሌባ፣ ፖሊስ፣ ዕዳ፣ ሚስት። አራቱም አስተናጋጁና ሰውየው ጠበኞች መሆናቸውን እንደ እውነት ይዘዋል። ጠበኞች ናቸው ያለ ሰው ግን የለም። ታሪኩ ውስጥ ያለው «ሽጉጥ ደገነበት» የሚል ብቻ ነው። ጠቡን የጨመርነው እኛ ነን።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የጨመራችሁት ነገር ነው። የታሪኩን ቃላት አንድ በአንድ አንሱና «እዚህ ላይ ራሴ ምን ጨመርኩ?» በሉ። «ውሃ ጠየቀ» ሲባል ጥም ጨምረናል። «ሽጉጥ ደገነበት» ሲባል ጠላትነት ጨምረናል። «አመሰግናለሁ» ሲባል ደግሞ ፍርሃት ወይም ሽሙጥ ጨምረናል። ሦስቱንም ወደ ጥያቄ ለውጧቸው።

አንድ የበዓል ዋዜማ ይህንኑ እንቆቅልሽ ለዘመዶቼ አቀረብኩ። ትልልቆቹ የሌባና የፖሊስ ግምት ሲደረድሩ ቆዩ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ዝም ብላ ስታዳምጥ ነበር። ድንገት «አስተናጋጁ ሰውየውን ሊጎዳው ፈልጎ ነው?» አለች። «አይ» አልኳት። ያ «አይ» የዕለቱ ትልቁ መልስ ነበር፤ የጠብ ታሪኮችን በሙሉ ጠርጎ አወጣቸው። እሷም ገብቷታል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው የሷ ሆነ።

«ምስጋናው ከልቡ ነው?» አዎ።

«ታዲያ አስተናጋጁ ጠቀመው ማለት ነው?» አዎ።

«ሽጉጡ ተተኩሷል?» አይ።

«ውሃውን የጠየቀው ሊጠጣው ነው?» አዎ።

«ጠምቶት ነው?» አይ።

እዚህ ላይ ቤቱ ጸጥ አለ። የማይጠማው ሰው ውሃ ሊጠጣ የሚፈልገው ለምንድን ነው? አንድ አጎቴ «መድኃኒት ሊውጥ ነው?» አለ። አይ። ግምት ነበር፤ ግን በዚህ ሰዓት ግምት ተገቢ ነው። መንገዱ ጠብቧል፤ የቀሩት ታሪኮች ጥቂት ናቸው። ልጅቷ ግን አንድ ሰፊ ጥያቄ ቀራት። «ውሃው ሊሠራለት የነበረውን ሥራ ሽጉጡ ሠራለት?» አዎ። «ስለደነገጠ?» አዎ።

ስቅታ ነው። ሰውየው ስቅታ ይዞት ነበር። አስተናጋጁ ሁኔታውን አይቶ አስደነገጠው፤ ስቅታው ለቀቀው፤ ውሃው አላስፈለገም። ስቅታ የያዘውን ሰው ውሃ አጠጡት ወይም አስደንግጡት ሲባል ያልሰማ የለም። ሁሉም መልሱን የሚያውቁት ነገር ነበር። ያላወቁት ስለ ስቅታ እንደሚያወሩ ነው።

አካሄዱን ልብ በሉ። መጀመሪያ የተጠየቀው ፍላጎትና ስሜት ነው፤ ከዚያ ዓላማ፤ ከዚያ የነገሩ አሠራር። ግምት የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እናንተም «አይ» በተከታታይ ሲዘንብባችሁ ግምት መጨመራችሁን አቁሙ። የተባላችሁት «አይ» ሁሉ የሚጋራውን ነገር ፈልጉ። ያልጠየቃችሁት ግን እንደ እውነት የያዛችሁት ነገር እዚያ ውስጥ አለ። ከተጫዋቾቹ አንዱ እስካሁን የተረጋገጠውን ጮክ ብሎ ቢደግመው ደግሞ በጣም ይረዳል። ሰው የሰማውን «አይ» ቶሎ ይረሳል።

«መልሱ እኮ የፈለከው ታሪክ ሊሆን ይችላል።»

አይችልም። ጥሩ መልስ በታሪኩ ውስጥ የተነገረውን እያንዳንዱን ነገር ማስረዳት አለበት። ሌላውን የታወቀ እንቆቅልሽ ውሰዱ። አንድ ሰው አሥረኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ጠዋት በሊፍት እስከ ታች ይወርዳል። ማታ ሲመለስ ግን ሰባተኛ ላይ ወርዶ ቀሪውን በደረጃ ይወጣል። ሊፍቱ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ወይም ዝናብ ከዘነበ ግን ቀጥታ አሥረኛ ይደርሳል።

«ስፖርት መሥራት ስለሚፈልግ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እሺ፣ ታዲያ ዝናቡስ? ዝናብ ሲዘንብ ስፖርቱን ለምን ይተዋል? «ሰባተኛ ፎቅ ላይ ወዳጅ አለችው» የሚለውም እዚያው ይወድቃል። እውነቱ ሰውየው በጣም አጭር መሆኑ ነው። እጁ ከሰባተኛው ቁልፍ በላይ አይደርስም። ሰው ካለ ይጫንለታል። ዝናብ ከዘነበ ዣንጥላ ይዟል፤ በዣንጥላው ጫፍ ይጫነዋል። ጠዋትስ? የታችኛው ቁልፍ ዝቅ ያለ ነው። ያልተብራራ ነገር አልቀረም።

ስለዚህ ታሪኩ ውስጥ ያለቦታው የገባ የሚመስል ነገር ካለ ጥያቄያችሁን እሱ ላይ አውሉት። «ዝናቡ ራሱ ነው ወይስ...» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ «ወይስ» ያለበት ጥያቄ በአዎና በአይ አይመለስም። «ዝናብ ሲዘንብ በእጁ የሚይዘው ነገር አለ?» ብትሉ ጨዋታው አለቀ።

መልሱ ሲነገር «ታዲያ ያኛው ነገርስ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ አጫዋቹ መልስ ካጣ፣ እንቆቅልሹ ደካማ ነው። ደካማ እንቆቅልሽ ሞልቷል። በእሱ ግን ሁሉንም አትፍረዱ።

«ሁሌ ሰው የሚሞትበት ነው።»

ከላይ ያሉት ሁለቱ እንቆቅልሾች ውስጥ ማንም አልሞተም።

«ፍንጭ መጠየቅ መሸነፍ ነው።»

ተጫዋቾቹ አንድ ቦታ ላይ ሲሽከረከሩ አጫዋቹ ራሱ ፍንጭ መስጠት አለበት። «ውሃው ላይ ብዙ አልጠየቃችሁም» ማለት በቂ ነው።

«የአጫዋቹ ሥራ አዎና አይ ማለት ብቻ ነው።»

ብዙ ጨዋታ የሚበላሸው በተጫዋቾች ሳይሆን በዚህ ዓይነት አጫዋች ነው። «አስተናጋጁ ሽጉጡን ያወጣው የድሮ ጠላቱ መሆኑን ሲያውቅ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አይ» ብሎ ማለፍ ያሳስታል። ጠያቂው «ጠላቱስ ነው፤ ያወቀው ግን ሌላ ጊዜ ነው» ብሎ ሊይዘው ይችላል። እንዲህ ሲሆን እኔ «ጥያቄህ ውስጥ ያልተረጋገጠ ነገር አለ» እላለሁ። ሰውየው ተመልሶ ይከፋፍለዋል፤ «ጠላቱ ነው?» ብሎ ይጀምራል።

«አይመለከተውም» የሚል ሦስተኛ መልስም ያስፈልጋል። ቡና ቤቱ የት ከተማ ነው፣ ሰውየው ስንት ዓመቱ ነው ለሚሉት «አይ» ብትሉ ተጫዋቹ ሌላ ከተማና ሌላ ዕድሜ ሲፈልግ ያመሻል። «አይመለከተውም» ሲባል ያን መንገድ ይዘጋዋል።

በአማርኛ ስንጫወት ደግሞ አንድ የራሳችን ጣጣ አለ። «ሰውየው አልጠማውም?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ብትሉ ግማሹ «አዎ፣ አልጠማውም» ብሎ ይሰማዋል፤ ግማሹ «አዎ፣ ጠምቶታል» ብሎ ይይዘዋል። ሁለቱ ቡድን ተለያይቶ ሲጓዝ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። በአሉታ የመጣን ጥያቄ በአንድ ቃል አትመልሱ። «አልጠማውም» ብላችሁ ሙሉውን ተናገሩ።