«ጎግል ላይ ያገኘሁት ነው» እና ሌሎች የፎቶ አጠቃቀም ስህተቶች

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ሊከፍት ነው እንበል። ለፊት ገጹ የሐይቅ እስጢፋኖስ ፎቶ ተፈልጓል።

«ጎግል ላይ ያለ ፎቶ የማንም አይደለም።»

ጎግል ፎቶው የት እንዳለ ይጠቁማል እንጂ ፈቃድ አይሰጥም። ባለመብቱ አንሺው ወይም መብቱ የተላለፈለት ሰው ነው። የእኛ አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶንም ይጠብቃል፤ ምዝገባ ደግሞ ግዴታ አይደለም።

«የአንሺውን ስም ከሥሩ ከጻፍኩ ይበቃል።»

ስም መጥቀስ ምስጋና ነው፤ ፈቃድ ግን ሌላ ነገር ነው። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ» የተባለን ፎቶ ስም ጽፈህ ብትለጥፈውም ያው ያለፈቃድ ነው።

ማረፊያችን ፎቶውን ነጻ ፈቃድ ያላቸው ምስሎች በሚቀመጡበት ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ አገኘው እንበል፤ ፈቃዱም CC BY-SA 4.0 የሚባለው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ለንግድ መጠቀምንም ይፈቅዳል፣ ግን በቅድመ ሁኔታ። አንሺው ማን እንደሆነ፣ ፎቶው ከየት እንደተገኘ፣ ፈቃዱ የቱ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ከነካካኸውም እሱን ትናገራለህ። እንዲህ፦

```html
<figcaption>ሐይቅ እስጢፋኖስ። ፎቶ፦ የአንሺው ስም፣
<a href="የፎቶው-ገጽ">ዊኪሚዲያ ኮመንስ</a>፣
<a href="https://creativecommons.org/licenses/by-sa/4.0/">CC BY-SA 4.0</a>፣ ተቆርጧል</figcaption>
```

ብዙ ቦታ የምናየው «ፎቶ፦ ዊኪፒዲያ» የሚለው ጽሑፍ ዋጋ የለውም። ዊኪፒዲያ ካሜራ ይዞ ሐይቅ አልወረደም።

SA የሚለው ምልክት አንዳንዱን ያስደነግጣል። በፎቶው ላይ ጽሑፍ ጨምረህ ማስታወቂያ ከሠራህበት፣ ያ የተሻሻለው ምስል በዚያው ፈቃድ መውጣት አለበት። ድረ ገጽህ በሙሉ ግን አይነካም።

«የእኛ ቤት ትንሽ ናት፣ ንግድ አትባልም።»

ፈቃዱ ላይ NC ካለ ለንግድ አይፈቀድም ማለት ነው። የሚታየው የቤቱ ስፋት ሳይሆን የአጠቃቀሙ ዓላማ ነው። አልጋ ለማከራየት የተሠራ ገጽ ሦስት ክፍል ብቻ ቢኖረውም ንግድ ነው። ND ካለ ደግሞ የተለወጠውን ምስል ማሰራጨት አይቻልም።

«ከመጡብኝ አጠፋዋለሁ፣ በቃ።»

ማጥፋቱ ጥሩ ነው፤ ያለፈውን ግን አይሰርዝም። በክሪኤቲቭ ኮመንስ 4.0 ፈቃዶች፣ ጥሰቱን ባወቅህ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከልክ የተቋረጠው ፈቃድ ይመለስልሃል። ባለመብቱ ግን ለቀደመው ጥሰት ከመጠየቅ አይከለከልም። በአዋጁ መሠረት ካሣ ይጠየቃል፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስራትም አለው። ጠርዙን ቆርጬዋለሁ፣ ማን ያውቀዋል ማለትም አያዋጣም፤ በምስል ፍለጋ የተቆረጠ ፎቶ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ፈቃዱ ግልጽ ካልሆነ ደሴ ያለ ፎቶ አንሺ ጋ መደወል ይቀላል። ከተስማማችሁ በኋላ የትኛው ፎቶ፣ የት ገጽ ላይ፣ እስከ መቼ፣ በስንት ብር የሚለውን በቴሌግራም ጽፈህ «እሺ» እንዲልህ አድርግ። መልእክቱን አታጥፋው።